34 ስላይድ ለ20 ደቂቃ

ያን ቀን የቆምኩት 19ኛው ስላይድ ላይ ነው። ስላይዱ ላይ ያለው የናሙና ቀመር ነበር፣ `n = N / (1 + N(e)²)`። እዚህ አገር ለማስተርስ ጥናት መጠይቅ የበተነ ሰው በደንብ ያውቃታል። የመድረክ መሪው ከጎኔ መጥቶ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «2 ደቂቃ» ይላል። እኔ ገና ውጤቱን አልጀመርኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለጠላትም አይስጥ። «ይሄን እንለፈው፣ ይሄንንም እንለፈው» እያልኩ ስላይዱን እገፋለሁ። ግራፎቹ ብልጭ ብለው ያልፋሉ። ሦስት ወር ሙሉ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ውስጥ ከአባ ኮዳ ወፎች ጋር እየተጋፋሁ ስለ አሳ መበላሸት የሰበሰብኩት መረጃ በ40 ሰከንድ አለቀ። ስጨርስ ከአሳ አስጋሪዎች የመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እንዴት እንደቆጠርከን ነገርከን። ያገኘኸውን መቼ ነው የምትነግረን?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሐዋሳ በዚያን ቀን ጠበበችኝ።

ከ5 ወር በኋላ ያንኑ ጥናት እዚያው ሐዋሳ፣ በሌላ አዳራሽ፣ ደግሞ እንዳቀርብ ተጠራሁ። ሰዓቱም ያው 20 ደቂቃ ነው። በመካከሉ ያደረግኩትን ነው የምጽፍላችሁ፤ ነገ ከነገ ወዲያ መድረክ ላይ የምትወጡ ካላችሁ የእኔን ስህተት እንዳትደግሙት።

20 ደቂቃው ስንት ደቂቃ ነው?

የመጀመሪያው ስህተቴ የተሠራው ገና ላፕቶፑን ሳልከፍት ነው። ደብዳቤው «20 ደቂቃ፣ ጥያቄና መልስን ጨምሮ» ይላል። እኔ ያነበብኩት «20 ደቂቃ» የሚለውን ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዙር ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ ቀነስኩ። ለጥያቄ 5 ደቂቃ ይወጣል፣ 15 ቀረ። የመድረክ መሪው እኔን የሚያስተዋውቅበት፣ ፍላሹ የሚሰካበት፣ ማይክ የሚስተካከልበት ቢያንስ 1 ደቂቃ ነው፤ 14 ቀረ። ከዚያ ደግሞ አንድ ደቂቃ ተኩል ለማይታወቅ ነገር አስቀመጥኩ። አንድ ሰው በር ከፍቶ ይገባል፣ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ከመካከል አንዱ «ድምፅ አይሰማም» ይላል። የቀረኝ 12 ደቂቃ ተኩል ነው፣ ማለትም 750 ሰከንድ። ከዚህ በኋላ 20 የሚለውን ቁጥር ረሳሁት። በጀቴ 750 ሰከንድ ብቻ ሆነ።

በሰከንድ ማሰቡ መጀመሪያ የተጋነነ መስሎኝ ነበር። ግን «አንድ ሁለት ደቂቃ» እያልን ስንገምት ሁልጊዜ ለራሳችን እናዳላለን። ሰከንድ አያዳላም።

«ለአንድ ስላይድ አንድ ደቂቃ»

ይህችን ሕግ ሁላችሁም ሰምታችኋል። መጥፎ አይደለችም፣ ምንም ለሌለው ሰው መነሻ ትሆናለች። ግን በእሷ ብሄድ ኖሮ የእኔ 34 ስላይድ 34 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። አንድ ማታ ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለካው 41 ደቂቃ ወጣ። ይሄ ማንም ሳያቋርጠኝ ነው።

ከድምሩ ይልቅ ያስገረመኝ ክፍፍሉ ነው። የርዕስ ስላይዱ 15 ሰከንድ ወሰደ። የአሳ ፎቶው 20 ሰከንድ። አንዲት ባለ 8 ዓምድ ሠንጠረዥ ግን ለብቻዋ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ በላች። አራት ደቂቃ! ከበጀቴ አንድ ሦስተኛው ማለት ነው። በስላይድ ቆጠራ ግን እሷም «አንድ» ናት፣ ፎቶውም «አንድ» ነው።

ስለዚህ ስላይዶችን በቁጥር ሳይሆን በዓይነት መገመት ጀመርኩ። ፎቶ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለበት ስላይድ ለእኔ ከግማሽ ደቂቃ እስከ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ግራፍ ከሆነ 2 ደቂቃ እሰጠዋለሁ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ «በዚህ በኩል ያለው ሰዓቱ ነው፣ ወደ ላይ ያለው የተበላሸው አሳ ነው» ብዬ ማስረዳት አለብኝ፣ ከዚያ ሰው አይቶ እስኪገባው 10 ሰከንድ ያህል ዝም ማለት አለብኝ፣ ከዚያ ነው ነገሩን የምናገረው። ያቺ ዝምታ በልምምድ ጊዜ ትረሳለች፣ መድረክ ላይ ግን ትመጣለች። ሠንጠረዥን በተመለከተ ደግሞ አሁን አቋሜ ግልጽ ነው፤ ከ3 ረድፍ በላይ ያለው ሠንጠረዥ ለሪፖርት እንጂ ለስክሪን አይሆንም።

የአማርኛ ቃል ከባድ ነው

ስለ ፕሬዘንቴሽን የሚጽፉ ፈረንጆች «በደቂቃ ከ130 እስከ 150 ቃል ተናገር» ይላሉ። እኔም የምናገረውን ጽፌ፣ ቃል ቆጥሬ፣ በ130 አካፍዬ «28 ደቂቃ ይበቃዋል» ብዬ ነበር። ልክ አልነበረም። እነሱ የሚያወሩት ስለ እንግሊዝኛ ነው።

የእኛ ቃል ባለቤቱንም፣ ተሳቢውንም፣ አሉታውንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። «አልነገርኳቸውም» ስንል አንድ ቃል ናት፤ እንግሊዝኛው ይህችን ለመናገር አምስት ቃል ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአንድ ደቂቃ የምንላቸው ቃላት በቁጥር ያንሳሉ። ራሴን በስልክ ቀድቼ ስቆጥር በደቂቃ 92 ቃል ወጣ። እናንተ 80 ወይም 105 ልትሆኑ ትችላላችሁ። የሌላ ሰው ቁጥር አትውሰዱ። አንድ ደቂቃ ቅዱ፣ ቁጠሩ፣ ለእናንተ የሚሠራው ያ ቁጥር ነው። በእኔ ፍጥነት 12 ደቂቃ ተኩል ወደ 1,150 ቃል ነው። የመጀመሪያው ጽሑፌ ግን 3,700 አካባቢ ነበር። ይህን ሳይ ልምምድ ሳያስፈልገኝ ገባኝ።

ሌላው የእኛ ቤት ችግር፣ ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ንግግሩ በአማርኛ ነው። ሁላችንም የምናደርገው ነገር ነው። ስላይዱ ላይ ያለውን መስመር በእንግሊዝኛ እናነባለን፣ ከዚያ «ማለትም» ብለን በአማርኛ እንደግመዋለን። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ጊዜ ይነገራል። ቀረጻዬን ስሰማ «ማለትም» የምትለዋን ቃል 26 ጊዜ ብያታለሁ። ስላይዶቹን ወደ አማርኛ መለስኳቸው፣ መመለስ የማይመቸውን ቃል በአማርኛ ፊደል ተውኩት፣ ሌላ ምንም ሳልቀንስ ከ41 ደቂቃው 6 ደቂቃ ወረደ።

ስላይዱ ራሱ ሲቆጥር

በስልክ ሰዓት ድምሩን ማወቅ ይቻላል፣ የእያንዳንዱን ስላይድ ጊዜ መያዝ ግን ያደክማል። ፓወርፖይንት ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ነገር አለ። `Slide Show` የሚለውን ትከፍቱና `Rehearse Timings` ትጫናላችሁ። ስላይዱ ስክሪኑን ይሞላል፣ ጥግ ላይ ትንሽ ሰዓት ይመጣል። አንዱ ቁጥር የዚህን ስላይድ፣ ሌላው የጠቅላላውን ይቆጥራል። ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ እንደ እውነቱ ታቀርባላችሁ። ሲያልቅ ጊዜው ይቀመጥ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ይቀመጥ በሉት። ከዚያ `View` ውስጥ `Slide Sorter` ስትከፍቱ ከእያንዳንዱ ስላይድ ሥር የፈጀው ጊዜ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ያቺ ባለ 4 ደቂቃ ሠንጠረዤ የተያዘችው እዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ጊዜው ከተቀመጠ በኋላ ስላይዱን ስታቀርቡ በልምምዱ ሰዓት መሠረት ራሱ ይቀያየራል። እኔ ቢሮ ውስጥ ለባልደረቦቼ ሳሳይ ገና ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ስላይዱ ሲያልፍብኝ፣ ኪቦርዱን የነካሁ መስሎኝ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፣ ደግሞ ያልፋል። ባልደረባዬ «ሪሞቱን ማን ነው የያዘው?» ብላ ዙሪያዋን ታያለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እዚያው `Slide Show` ውስጥ `Use Timings` የሚለው ላይ ያለውን ምልክት ማንሳት። ከልምምድ በኋላ መጀመሪያ የማደርገው አሁን ይሄን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዝምታ፣ በዓይን ብቻ እያነበቡ መለካት ዋጋ የለውም። ተቀምጬ በልቤ ሳነበው 41ዱ ደቂቃ 22 ደቂቃ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

መቁረጡ

መቁረጥ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ፊደል ማሳነስ ነው። ሁለት ስላይድ ይጨፈልቅና አንድ ያደርጋል፣ «34 የነበረው 20 ሆነ» ይላል። የሚነገረው ነገር ካልቀነሰ ሰዓቱ አይቀንስም። ሁለተኛው ፈተና ቶሎ ቶሎ መናገር ነው። እሱም አይሠራም፤ ሲፈጥን ሰው ይሳሳታል፣ ሲሳሳት ይደግማል።

እኔ 34ቱን ስላይዶች በቡድን ቆጠርኳቸው። መግቢያና የሌሎች ጥናት 11፣ የጥናቱ ዘዴ 7፣ ውጤት 8፣ ምክረ ሐሳብ 3፣ የቀረው ርዕስ፣ ዝርዝር ማውጫ፣ ዓላማና ምስጋና። ይሄ የመመረቂያ ጽሑፌ ቅርጽ ነው። ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት ብዬ ወደ ስላይድ ገልብጬዋለሁ። ለፈታኝ መምህር ዘዴው ያስፈልገዋል። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ግን አሳ አስጋሪዎች፣ የገበያው ነጋዴዎችና የወረዳ ባለሙያዎች ናቸው። «ሐዋሳ ሐይቅ የት ይገኛል?» የሚል ካርታ አስገብቼ እንደነበር ስነግራችሁ እያፈርኩ ነው። ሐይቁ ከአዳራሹ መስኮት ይታያል።

ስለዚህ ከኋላ ጀመርኩ። እኚያ አባት ከአዳራሹ ሲወጡ ለጓደኛቸው ምን ብለው ቢነግሩ ደስ ይለኛል? «አሳው የሚበላሽብን ሐይቁ ላይ ሳይሆን ከጀልባ ከወረደ በኋላ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ነው። ጥላና በረዶ እዚያ ቦታ ላይ ቢሆን ይሻላል።» አለቀ። ከዚያ እያንዳንዱን ስላይድ እያነሳሁ «ይሄ ባይኖር እኚያ አባት ይህን ማለት ያቅታቸዋል?» ብዬ ጠየቅኩ። ካላቃታቸው ይወጣል።

የሌሎች ጥናት ሙሉ በሙሉ ወጣ። ማውጫውም ወጣ፤ በ12 ደቂቃ ንግግር ውስጥ ማውጫ ማሳየት ሻይ ቤት ገብቶ ለአንድ ሻይ ሜኑ እንደማንበብ ነው። ሰባቱ የዘዴ ስላይዶች አንድ ሆኑ፤ ስንት ጀልባ እንደተከታተልን፣ በየትኛው ሰዓት እንደለካን፣ በቃ። ቀመሯንም በክብር ሸኘኋት። ስምንቱ የውጤት ስላይዶች ሦስት ግራፍ ሆኑ። ያቺ ሠንጠረዥ ከ8 ዓምዷ ሁለቱ ብቻ ተርፈው የቆሮሶንና የአምባዛን አሳ የሚያነጻጽር አንድ ግራፍ ሆነች።

የሚያመኝን ልንገራችሁ። በረዶው ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚያስወጣ የሚያሳይ ስላይድ ነበረኝ። ብዙ የለፋሁበት ነው። መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ እንዳለ ተውኩት፣ ድምሩ ግን ከ750 በ90 ሰከንድ በለጠ። ላጠፋው ስል ታናሽ እህቴ «ለምን ከምስጋናው በኋላ አታደርገውም?» አለችኝ። ልክ ነበረች። የተቆረጠው ሁሉ መጥፋት የለበትም። ከምስጋናው ስላይድ በኋላ፣ ከ11 እስከ 16 ያሉትን ቁጥሮች የጥያቄ ጊዜ መጠባበቂያ አደረግኳቸው። በስህተት ወደፊት ገፍቼ እንዳይመጡ እያንዳንዱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ `Hide Slide` አልኩ። የተደበቀ ስላይድ በተራው አይመጣም፣ ግን ቁጥሩን ጽፋችሁ `Enter` ስትሉ ይከፈታል።

ዞሮ ዞሮ 10 ስላይድ ቀረኝ። ድምሩ 750 ሰከንድ። በአማካይ 75 ሰከንድ ነው፣ ግን አማካዩ ምንም አይነግርም፤ የጥናቱን ጥያቄ የያዘው ስላይድ 40 ሰከንድ ሲሆን የመጀመሪያው ግራፍ ሙሉ 2 ደቂቃ ነው። ሰላምታውንም ቆጥሬዋለሁ። እኛ አገር «ክቡር አቶ እገሌ፣ ክብርት ወይዘሮ እገሊት፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች» ሳይባል አይጀመርም። ይሄ በስላይድ ቆጠራ ውስጥ የለም፣ በሰዓት ውስጥ ግን አለ። ከርዕሱ ጋር 40 ሰከንድ መደብኩለት።

ከዚያ እህቴ ፊት ሦስት ጊዜ አቀረብኩ። ቡና እያፈላች ነው የምትሰማኝ። ከመካከል «እንዴ፣ ይሄን እኮ ቅድም ብለኸዋል» ስትለኝ ተናደድኩ፣ ሳየው ግን እውነቷን ነው። መግቢያው ላይ የተናገርኩትን ውጤቱ ላይ ደግሜዋለሁ። ስለ አሳ ምንም የማያውቅ ሰው ፊት መለማመድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ባልደረባ ነገሩን ስለሚያውቀው ድግግሞሹን አይሰማውም።

በዕለቱ

ስብሰባው በግብዣው ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ይላል። የተከፈተው 4 ሰዓት አልፎ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት አቅራቢ የእኔን የዱሮ በሽታ ይዘው ነው የመጡት፣ የራሳቸውንም የሻይ ሰዓቱንም ጨረሱት። የመድረክ መሪዋ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «ይቅርታ፣ ጥያቄን ጨምሮ በ12 ደቂቃ ትጨርስልኛለህ?» አለችኝ።

ይህ እንደሚመጣ ጠርጥሬ ተዘጋጅቻለሁ። እጄ ላይ ባለችው ትንሽ ወረቀት ላይ የ10ሩ ስላይዶች ቁጥር አለ፣ ከጎናቸው እያንዳንዱ የሚጀምርበት ሰዓት አለ፣ ሦስቱ ደግሞ ተከበዋል። የዘዴው፣ ሦስተኛው ውጤትና የጥናቱ ውስንነት። እነዚህ ቢዘለሉ ታሪኩ አይሰበርም። ሲዘለሉ 8 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይቀራል። 12 ደቂቃ ለጠየቀችኝ መሪ ሦስት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ለጥያቄ አተርፍላታለሁ።

መዝለሉም ሰው ፊት አይታይም። 3ኛው ላይ ሆኜ 5 ብዬ `Enter` ስል ስክሪኑ በቀጥታ ግራፉን አመጣ። ያለፈው ጊዜ «እንለፈው፣ እንለፈው» እያልኩ ሰው ያልሰማውን ነገር እያስታወስኩ ነበር። ያልታየ ስላይድ ማንም አይናፍቀውም።

ወረቀቷን ዓይኔ ሥር አድርጌ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያውን ግራፍ ስጀምር ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ20 ማለት ነበረበት፣ 2 ደቂቃ ከ45 አለኝ። 25 ሰከንድ ዘግይቻለሁ፤ ሰላምታው ላይ አንድ ክቡር እንግዳ ዘልዬ ተመልሼ ስለጠራኋቸው ነው። ይህን በጊዜ ማወቄ ጠቀመኝ፤ ሁለተኛው ግራፍ ላይ ያዘጋጀሁትን አንድ ምሳሌ ተውኩና እኩል ሆንኩ። መጨረሻ ላይ ብቻ ሰዓት ብመለከት ኖሮ ያቺ 25 ሰከንድ ምክረ ሐሳቤ ላይ ትወርድ ነበር።

9 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው «አመሰግናለሁ» አልኩ። እኚያ አባት ዛሬም መጥተዋል። አሁንም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፣ አሁንም እጃቸውን ቀድመው አወጡ። ልቤ ድንግጥ አለ።

«በረዶው ከየት ነው የሚመጣው? ስንትስ ያስወጣናል?» አሉ።

14 ብዬ ጻፍኩና `Enter` አልኩ።